በንዴት የተጻፈን የመጨረሻ የክፍያ ማስጠንቀቂያ ወደ ጠንካራና ጥንቁቅ ደብዳቤ መለወጥ

ዕቃ በዱቤ ሰጥቶ ገንዘቡ ያልመጣለት ነጋዴ የመጨረሻውን ደብዳቤ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ደሙ ፈልቶ ነው። ሲጽፍ የሚታየው የባለዕዳው ፊት ብቻ ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ግን ያው ደብዳቤ ከክሱ ጋር ተያይዞ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ የባለዕዳው ጠበቃም መስመር በመስመር ያነበዋል። ስለዚህ ማረም ማለት ቃላቱን ማለስለስ አይደለም። ዳኛ ቢያነበው የሚጠቅመውን አስቀርቶ፣ ጠበቃ ቢያነበው የሚጎዳውን ማውጣት ነው።

ሥራውን በአንድ ጉዳይ ላይ እንየው፤ ሰዎቹም ቁጥሮቹም ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው። ባሕር ዳር ያለ አንድ የአሳ ነጋዴ ከጣና አጥማጆች የሚረከበውን ቀረሶ አጥንቱን እያወጣ ሐይቁ ዳር ላለ ምግብ ቤት በዱቤ ያቀርባል። ውላቸው አንድ ገጽ ነው፤ ዋጋው በኪሎ 600 ብር፣ ክፍያው ደግሞ ምግብ ቤቱ አሳውን በተረከበ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ስለ ወለድም ሆነ ስለ ቅጣት ውሉ ምንም አይልም። ሦስት ጊዜ አቀረበ፣ አንድ ጊዜ ከፊል ክፍያ መጣለት፣ ከዚያ በኋላ ስልክ የሚያነሳለት ጠፋ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፤ የአሳ ፈላጊ በሚበዛበት ወቅት መግዣ ገንዘብ ያስፈልገዋል። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«አንተ ሰውዬ፣ ስንት ጊዜ ልለምንህ? ከ150 ሺህ ብር በላይ በልተህብኛል። አርባ አምስት ሺህ ወርውረህልኝ ዝም የምል መሰለህ? አጭበርባሪ መሆንህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። አንድ ቀን አሳው ትንሽ ሸትቶ ቢሆን እንኳ ገንዘብ መከልከል ምን የሚሉት ነው? በሦስት ቀን ውስጥ በወር አሥር በመቶ ወለድ አስበህ ካልከፈልክ አሳስርሃለሁ፣ ለገቢዎች አጋልጥሃለሁ፣ ፎቶህን ቴሌግራም ላይ እለጥፈዋለሁ። ከዚያ በኋላ ብታመጣም አልቀበልህም! ግልባጭ፦ ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት፣ ለአሳ አቅራቢዎች በሙሉ።»

ንዴቱ የሚገባ ነው። ደብዳቤው ግን በዚህ መልኩ ከወጣ፣ ገንዘብ የሚጠይቀው ሰው ራሱ ተጠያቂ የሚሆንበትን በር ይከፍታል።

አንደኛ፦ ቃላቱን ከመንካት በፊት ሒሳቡን ማስተካከል

ሦስት ነገር ጠረጴዛ ላይ ይውጣ፦ ውሉ፣ ምግብ ቤቱ የፈረመባቸው የርክክብ ወረቀቶች እና የባንክ መግለጫው። ከእነዚህ የማይነበብ ቁጥር ደብዳቤው ውስጥ አይገባም። የእኛ ነጋዴ ወረቀቶች የሚሉት ይህን ነው፦

- ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. 80 ኪሎ፣ 48,000 ብር፤ መከፈል የነበረበት እስከ ኅዳር 5
- ጥቅምት 26 ቀን 110 ኪሎ፣ 66,000 ብር፤ እስከ ኅዳር 26
- ኅዳር 17 ቀን 95 ኪሎ፣ 57,000 ብር፤ እስከ ታኅሣሥ 17

በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ የመክፈያ ቀኑ በሚቀጥለው ወር ያው ቀን ላይ ይውላል። ጳጉሜን መሐል ስትገባ ብቻ በጥንቃቄ መቁጠር ያስፈልጋል። ድምሩ 171,000 ብር ነው፤ ኅዳር 20 ቀን 45,000 ብር ገብቷል፤ ቀሪው 126,000 ብር ነው። «ከ150 ሺህ በላይ» የሚለው ከየትም አልመጣም። ቁጥሩ በአንድ ሺህ ብር እንኳ ከተሳሳተ ባለዕዳው ስለ ዕዳው መናገሩን ትቶ ስለ ስህተቱ ይናገራል፤ በሌላው ቁጥር ላይም ጥርጣሬ ይዘራል።

የ45,000 ብሩ ክፍያ በቁጣ «ወርውረህልኝ» ተብሎ ታለፈ እንጂ ለነጋዴው ከያዛቸው ማስረጃዎች ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውል የሚመነጭ የገንዘብ ጥያቄ በመደበኛው በ10 ዓመት ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው ጊዜ በማለፉ፣ ይታገዳል (አንቀጽ 1845)። የይርጋው ቆጠራ የሚቋረጠው ባለዕዳው ዕዳውን ሲያምን ወይም ባለገንዘቡ ክስ ሲመሠርት ነው (አንቀጽ 1851)፤ ከፊል ክፍያ ደግሞ እንደ ማመን ይቆጠራል። ደብዳቤ መጻፍ ብቻውን ይርጋ አያቋርጥም፤ ይህን ሳያውቁ በየዓመቱ ደብዳቤ እየላኩ መብታቸው የተጠበቀ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ ክፍያው ከነቀኑ ይጻፍ፤ ለየትኛው ርክክብ እንደተያዘም ይገለጽ። ኅዳር 20 ላይ ጊዜው የደረሰው የመጀመሪያው ርክክብ ብቻ ስለነበር ክፍያውን እዚያ ላይ መያዝ ተፈጥሯዊ ነው፤ ከ48,000ው 3,000 ብር ይቀራል።

እዚህ ላይ ስለ ሽምግልና አንድ ነገር። ነገሩ አስቀድሞ በሽማግሌ ታይቶ ነጋዴው «መቶ ሺህ ይክፈለኝና ይብቃ» ብሎ ከነበረና ስምምነቱ ካልተፈጸመ፣ ያ ቁጥር ደብዳቤው ውስጥ አይጠቀስ። ለዕርቅ ሲባል የተቆረጠ ገንዘብ በጽሑፍ ከወጣ ባለዕዳው «ዕዳው መቶ ሺህ መሆኑን ራሱ ጽፏል» ማለት ይችላል። የሚጠየቀው በሰነድ የሚታየው ሙሉ ዕዳ ነው።

ሁለተኛ፦ ባለዕዳው ማን እንደሆነ መለየት

«አንተ ሰውዬ» የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ምግብ ቤቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነና ውሉ በማኅበሩ ስም ከተፈረመ፣ ዕዳው የማኅበሩ እንጂ በመደበኛው የባለቤቱ የግል ዕዳ አይደለም። ደብዳቤው «ለ…ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ተብሎ በሥራ አስኪያጁ በኩል ይላካል። ምግብ ቤቱ የግለሰብ ነጋዴ ከሆነ ደግሞ በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ሙሉ ስም ይጻፋል። በር ላይ የተሰቀለው የምግብ ቤት ስምና በፈቃዱ ላይ ያለው ስም ብዙ ጊዜ ይለያያሉ፤ ስለዚህ ስሙን ከውሉ ወይም ከተሰጠው ደረሰኝ ላይ መቅዳት ይሻላል። በደብዳቤው ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ድርጅታችሁ» ማለት ይበቃል፤ አንድ ቦታ «አንተ»፣ ሌላ ቦታ «እርስዎ» የሚል ደብዳቤ ቁጣው ከታች እንዳለ ያሳብቃል።

ሦስተኛ፦ የሚወጣውን ማውጣት

አሁን ቀይ እስክሪብቶ ይያዝ። እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር «ይህን በሰነድ ማሳየት እችላለሁ? ደግሞስ ይህን የማድረግ መብት አለኝ?» ብለው ይጠይቁት። ሁለቱንም ያላለፈ ይሰረዛል።

«አጭበርባሪ» ይወጣል። ማጭበርበር ወንጀል ነው፤ አለመክፈል ግን ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2044 መሠረት በቃልም ሆነ በጽሑፍ የሰውን ስም፣ እምነትና ዝና የሚያጎድፍ ሰው በኃላፊነት ይጠየቃል፤ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 613 ስም ማጥፋትን ይቀጣል። ምትኩ አንድ ቃል ነው፦ «አልተከፈለም»። ይህን ማንም ሊያስተባብለው አይችልም።

«አሳስርሃለሁ» ይወጣል። ውል ላይ የተመሠረተ ዕዳ አለመክፈል የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ስንቅ የሌለው ቼክ ተሰጥቶ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱን የወንጀል ሕጉ ለብቻው ይመለከተዋል፣ መንገዱም ለብቻው ነው። እዚህ ግን ቼክ የለም። ያለ መሠረት እስራትን እያነሱ ማስፈራራት ደብዳቤውን ወደ ዛቻ ይወስደዋል፤ ባለዕዳው ጣቢያ ሄዶ ለማመልከት ምክንያት ያገኛል።

«ለገቢዎች አጋልጥሃለሁ» የሚለው ከሁሉ የከፋው ነው፤ የማይከፋ የሚመስለውም እሱ ነው። የግብር ጥፋት የሚያውቅ ሰው ለሚመለከተው አካል መጠቆም ይችላል። ጥቆማውን ግን «ካልከፈልከኝ» ከሚል ቅድመ ሁኔታ ጋር ሲያስሩት ዝም ማለትን በገንዘብ መሸጥ ይመስላል። ዕዳው እውነተኛ ቢሆንም ማስገደጃው ከዕዳው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ቴሌግራም ላይ መለጠፉም እንደዚሁ ነው። በደብዳቤው ውስጥ የሚጠቀስ መዘዝ ከራሱ ከዕዳው የሚመነጭ ብቻ ይሁን፤ ይኸውም ክስ፣ ሕጋዊ ወለድ፣ ወጪና ኪሣራ፣ ወደፊት በዱቤ አለማቅረብ ነው።

ግልባጩ በሙሉ ይወጣል። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ለምደን ታች «ግልባጭ» ብለን መደርደር ይቀናናል። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ግን በባለገንዘብና በባለዕዳ መካከል ነው። ለሌሎች አቅራቢዎች የተላከ ግልባጭ ማለት ስሙን ለሦስተኛ ወገን አሰራጭተናል ብሎ በራስ ፊርማ ማረጋገጥ ነው። ግልባጭ የሚያስፈልገው ውሉ ላይ ዋስ ካለ ነው፤ ያኔ ለዋሱ ይላካል።

«አሳው ትንሽ ሸትቶ ቢሆን እንኳ» የሚለው ሐረግ ሲነበብ ምንም አይመስልም፤ ጠበቃ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሰምርበት እሱን ነው። ለተከሳሹ የመከላከያ ሐሳብ ነጋዴው ራሱ አቀበለው። ገዢ የተረከበውን ዕቃ በቶሎ መመርመርና ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። በጽሑፍ የመጣ ቅሬታ ከሌለ «እስከ ዛሬ በጽሑፍ የደረሰን ቅሬታ የለም» ማለት ይቻላል። ይህ እውነት ሲሆን ብቻ ነው፤ በስልክ መልእክት «የትናንቱ አሳ ልክ አልነበረም» ተብሎ ከተላከ ያም ጽሑፍ ነው፣ ስለዚህ ከመፈረም በፊት ስልኩን ወደ ኋላ ማየት ግድ ነው።

የራስ ችግርም ይወጣል። ጾም መግባቱ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአጥማጆቹ ጥያቄ፣ ሁሉም እውነት ቢሆን ገንዘቡ የሚጠየቀው ስለተቸገርን ሳይሆን የመክፈያ ጊዜው ስላለፈ ነው። ልመና ሲገባበት ቀኑ ይላላል።

አራተኛ፦ ወለዱን ሕጉ ላይ ማሳረፍ

በወር አሥር በመቶ ውሉ ውስጥ ስለሌለ መጠየቅ አይቻልም፤ ቢጠየቅም ሰውየውን አራጣ አበዳሪ ያስመስለዋል እንጂ አያስከፍልም። ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው (አንቀጽ 1751)፤ ገንዘብ ለመክፈል የዘገየ ባለዕዳም ይህን ወለድ ይከፍላል (አንቀጽ 1803)። በ126,000 ብር ላይ ሲሰላ በዓመት 11,340፣ በወር 945 ብር ነው።

ወለዱ መታሰብ የሚጀምርበት ቀን ግን ያከራክራል፤ በመደበኛው ባለዕዳው በማስጠንቀቂያ ዘግይቷል ከተባለበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ አስልቶ ድምሩ ላይ መጨመር አይመከርም። ዋናው ገንዘብ ብቻውን በግልጽ ይቀመጥ፤ ወለዱ «ሕጉ ከሚፈቅደው ጊዜ ጀምሮ» ተብሎ ይጠየቅ። እንዲህ ሲሆን ምንም መብት አይቀርም፣ ክርክር የማይነሳበት ቁጥርም ንጹሕ ሆኖ ይቆያል።

አምስተኛ፦ ቀኑን መቁረጥ

አንቀጽ 1772 አንድ ወገን ሌላው ውሉን አልፈጸመም ብሎ መብቱን ለመጠቀም አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ማስጠንቀቂያው የሚሰጠውም ግዴታው ጊዜው ከደረሰ በኋላ ነው (አንቀጽ 1773)። ነጋዴው ይህን ደብዳቤ ታኅሣሥ 10 ላይ ጽፎት ቢሆን ኖሮ ሦስተኛው 57,000 ብር ገና ስለነበር ለእሱ ማስጠንቀቂያው አይሠራም ነበር።

ሦስት ቀን ለቁጣ ይበቃል፣ ለምግብ ቤት ሒሳብ ግን አይበቃም። ለእንዲህ ያለ ገንዘብ 15 ቀን መስጠት ምክንያታዊ ነው ተብሎ ሊከላከሉለት ይቻላል። «በ15 ቀን ውስጥ» ብቻ ከማለት ቀኑን ስም ሰጥቶ መጻፍ ይሻላል፦ ሐሙስ ጥር 14 የተሰጠ ደብዳቤ «እስከ ዓርብ ጥር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.» ይላል። የመጨረሻው ቀን ባንክ የሚሠራበት መሆኑን ያረጋግጡ። ደብዳቤው ተፈርሞ አራት አምስት ቀን መሳቢያ ውስጥ ካደረ ደግሞ ቀኖቹ ሁለቱም ይለወጡ፤ አለዚያ የተሰጠው ጊዜ በወረቀቱ ላይ እንዳለው አይሆንም።

«ከዚያ በኋላ ብታመጣም አልቀበልህም» የሚለው በምንም መልኩ አይቆይ። ሕጉ ባለመብቱ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ አፈጻጸም አልቀበልም ብሎ ጊዜ እንዲወስን ይፈቅዳል (አንቀጽ 1774)፤ ያ ግን ውሉን ወደ ማፍረስ የሚሄድ ሰው መንገድ ነው። አሳው ተበልቷል፤ የሚፈለገው ገንዘቡ ብቻ ነው። ዘግይቶም ቢመጣ የሚቀበሉትን ገንዘብ አልቀበልም ብሎ መጻፍ በራስ ላይ ክርክር መጥራት ነው።

የታረመው ደብዳቤ

ቁጥር፦ ……
ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ………… ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ያልተከፈለ 126,000 ብር እንዲከፈል የተሰጠ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ

«መስከረም …… ቀን 2018 ዓ.ም. በተፈራረምነው የአሳ አቅርቦት ውል መሠረት ጥቅምት 5፣ ጥቅምት 26 እና ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. በድምሩ 285 ኪሎ ግራም ቀረሶ ለድርጅታችሁ አስረክበናል። የርክክብ ሰነዶቹ በድርጅታችሁ ተወካይ የተፈረሙ ሲሆን ኮፒያቸው ተያይዟል። ጠቅላላ ዋጋው 171,000 ብር ነው።

ድርጅታችሁ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. 45,000 ብር በባንክ የከፈለ ሲሆን ክፍያው ለመጀመሪያው ርክክብ ተይዟል። ቀሪው 126,000 ብር (አንድ መቶ ሃያ ስድስት ሺህ ብር) በውሉ የተወሰነው የ30 ቀን ጊዜ አልፎም እስከ ዛሬ አልተከፈለም። ስለ አቀረብነው አሳ እስከ ዛሬ በጽሑፍ የደረሰን ቅሬታ የለም።

ስለሆነም ድርጅታችሁ 126,000 ብር እስከ ዓርብ ጥር 29 ቀን 2018 ዓ.ም. የሥራ ሰዓት መጨረሻ ድረስ በውሉ በተገለጸው የባንክ ሒሳብ ገቢ እንዲያደርግ እንጠይቃለን። በሒሳቡ ላይ ልዩነት ካለ እስከ ጥር 21 ቀን ድረስ ከነማስረጃው በጽሑፍ እንዲገለጽልን እናሳስባለን።

በተጠቀሰው ጊዜ ክፍያው ካልተፈጸመ ዋናውን ገንዘብ፣ ሕጉ ከሚፈቅደው ጊዜ ጀምሮ የሚታሰብ ሕጋዊ ወለድ፣ እንዲሁም ወጪና ኪሣራ ለማስከፈል ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ክስ ለማቅረብ የምንገደድ መሆኑን እንገልጻለን። ይህ ማስጠንቀቂያ በውልም ሆነ በሕግ ያለንን ማናቸውንም መብት አያስቀርም።»

ስም፣ ፊርማ፣ ማኅተም
አባሪ፦ የውሉ ኮፒ፣ ሦስት የርክክብ ሰነዶች ኮፒ

ጥንካሬው ያለው ቁጥሩና ቀኑ ላይ ነው፤ ቃለ አጋኖ አንድም ቦታ የለም። «ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት» የተባለውም ሆን ተብሎ ነው፤ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያየው በገንዘቡ መጠንና በተከራካሪዎቹ ማንነት ስለሚወሰን ስሙን ቀድሞ መጥቀስ አያስፈልግም። ኦሪጅናል ሰነድ አይያያዝ፤ ኦሪጅናሉ ለፍርድ ቤት ይቀመጣል። ገንዘቡ ትልቅ ከሆነ፣ ቼክ ወይም ዋስ ካለበት፣ ወይም ባለዕዳው በጽሑፍ ቅሬታ አቅርቦ ከሆነ፣ ከመፈረም በፊት ለጠበቃ ማሳየት ይገባል።

ማድረስ

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይታተም። አንዱ ይሰጣል፤ ሌላው ላይ ተቀባዩ ስሙን፣ የሥራ ድርሻውን፣ ቀኑንና ፊርማውን ያኖራል፣ ማኅተም ካለም ይመታል። በር ላይ ያለ አስተናጋጅ ከፈረመ «እኛ ጋ አልደረሰም» የሚል መልስ ይከተላል፤ ስለዚህ ለሥራ አስኪያጁ፣ ለገንዘብ ያዡ ወይም ለጸሐፊዋ ይሰጥ። አልፈርምም ካሉ ጭቅጭቅ ውስጥ አይገባም፤ አብረው የሄዱ ሁለት ሰዎች ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው በቅጂው ጀርባ ይፈርማሉ፣ ያኑ ቀን ደግሞ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ተልኮ ደረሰኙ ይያዛል። በቴሌግራም ፎቶውን መላክ ለተጨማሪ ይጠቅማል፣ ብቻውን ግን አይተማመኑበት፤ ሲላክም ያለ አስተያየት ይላክ። ከተጣራው ደብዳቤ ሥር «አሁንስ ምን ትላለህ?» የሚል አንድ መስመር ከተጨመረበት የተደከመበት ሁሉ ይበላሻል።

መልስ ሲመጣ

ባለዕዳው ከጥር 29 በፊት 50,000 ብር ይዞ ቢመጣ መቀበል ተገቢ ነው። ደረሰኙ ላይ «ከ126,000 ብር ዕዳ ላይ 50,000 ብር ተቀብያለሁ፤ ቀሪው 76,000 ብር ነው» ተብሎ ይጻፍ፤ «ሒሳባችን ተስተካክሏል» የሚል ሐረግ ግን አይግባ። ጊዜ ይሰጠኝ ካለ በቃል አይሁን፤ ዕዳውን ማመኑን፣ የየክፍያውን መጠንና ቀን የያዘ አንድ ገጽ ይፈራረሙ፤ አንዱ ክፍያ ከዘገየ ቀሪው በሙሉ ወዲያው እንደሚጠየቅም ይጨመርበት።

ቀኑ ያለ መልስ ካለፈ ሁለተኛ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» አይጻፍ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ቃል ያስታጥፈዋል። ውሉ፣ የርክክብ ሰነዶቹ፣ የባንክ መግለጫው፣ የተፈረመበት የደብዳቤው ቅጂና የፖስታ ደረሰኙ በአንድ ፋይል ገብተው በሚቀጥለው የሥራ ቀን ወደ ጠበቃ ወይም ወደ ክስ ማመልከቻ ጸሐፊ ይሄዳሉ።